ያሸነፈው የጥያቄ መክፈቻ አይደለም፤ የመስከረም ፏፏቴ ነው

ጥያቄ፦ «በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ አጫጭር ቪዲዮዎችን እየሠራሁ በዩቲዩብ ሾርትስ እለቃለሁ። ከመስከረም እስከ ጥር ያወጣኋቸውን 40 ቪዲዮዎች በመክፈቻ ዓይነት፣ በጉዳይና በርዝመት ለይቼ ጉግል ሺት ላይ መዝግቤያለሁ። እይታውን የወሰድኩት እያንዳንዱ ቪዲዮ በወጣ በሰባተኛው ቀን ነው። በአማካይ በጥያቄ የተከፈቱት 9,400፣ በድርጊት የተከፈቱት ደግሞ 3,100 እይታ አግኝተዋል። ስለዚህ የካቲትን ሙሉ በጥያቄ ብቻ ከፈትኩ፤ 12ቱም 2,000 አካባቢ ቀሩ። ሰንጠረዡን አያይዣለሁ። ምኑን ነው ያበላሸሁት?»

መልስ፦

የካቲት ላይ ያበላሹት ነገር የለም። የካቲት የሰጠዎት የጥያቄ ቪዲዮዎችዎ ድሮም የሚያገኙትን ያህል ነው። የሚያሳስተው 9,400 የሚለው ቁጥር ነው፤ እሱን ያህል እይታ ያገኘ አንድም የጥያቄ ቪዲዮ ሰንጠረዥዎ ውስጥ የለም። ይህን በዓይን ማየት ስለሚቻል ከዚያ ልጀምር።

ዘጠኙን የጥያቄ ቪዲዮዎች ከትንሹ ወደ ትልቁ ደረደርኳቸው፦ 1,400፣ 1,700፣ 1,900፣ 2,000፣ 2,300፣ 2,400፣ 2,600፣ 3,100፣ ከዚያም 67,200። ስምንቱ አንድ ሰፈር ናቸው፤ አንዱ ብቻውን ተራራ ላይ ወጥቷል። ሲደመሩ 84,600 ይመጣሉ፤ ለዘጠኝ ሲካፈል 9,400 ነው። ቀመሩ አልተሳሳተም። ነገር ግን ከድምሩ ከአምስት እጅ አራቱን እጅ ያህል ያመጣው አንድ ቪዲዮ ነው። አማካይ ደግሞ የአንዱን ሀብት ለሁሉም እኩል አካፍሎ የማሳየት ጠባይ አለው።

እንዲህ ላለ ነገር ሜዲያንን መጠቀም ይሻላል። ሜዲያን ማለት ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሲሰለፉ መሐል ላይ የሚቆመው ነው። ከዘጠኙ አምስተኛው 2,300 ስለሆነ የጥያቄ ሜዲያን 2,300 ነው። አሥራ አንዱን የድርጊት ቪዲዮዎች በተመሳሳይ መንገድ ስደረድራቸው ከ1,500 እስከ 5,400 ድረስ ትልቅ ክፍተት ሳይኖር ተሰልፈዋል፤ ስድስተኛው 2,900 ነው። ስለዚህ በአማካይ ሦስት እጥፍ ተበልጦ የነበረው ድርጊት በሜዲያን ቀዳሚ ሆነ። በሰንጠረዥዎ መክፈቻው በ`C`፣ ጉዳዩ በ`D`፣ የሰባት ቀን እይታው በ`G` ዓምድ ስለሆነ ቀመሩ ይህ ነው፦

```
=MEDIAN(FILTER(G$2:G$41, C$2:C$41="ጥያቄ"))
```

አሁን ወደዚያ 67,200 ወዳመጣው ቪዲዮ እንሂድ። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ረድፍ «ያልተለመደ ነው» ብሎ ይሰርዘዋል። አይሰርዙት። በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት የወጣ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነው፤ በድምፅ «ዓባይ ዘንድሮ ምን ያህል ሞልቷል?» ይላል፤ በምስሉ ላይ ግን ከጥያቄው በፊት ጭሱና ቡናማው ውኃ ስክሪኑን ሞልተውታል። ፏፏቴው እንዲህ የሚሞላው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ እንደሆነ ያውቃሉ። በበጋ ወንዙ ይቀንሳል፣ ከቀረውም ውኃ ብዙው ወደ ኃይል ማመንጫው ይሄዳል፤ ያንኑ ቦታ በየካቲት ቢቀርጹት ቋጥኙ ነው የሚታየው። ይህ ቪዲዮ የጥያቄ መለያ የያዘው በአጋጣሚ ነው። «ሞልቷል» ብለው በአረፍተ ነገር ቢከፍቱትም፣ ምንም ሳይናገሩ ቢለቁትም በመስከረም ሰው ያየው ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ለዚህ ነው በሰንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ እንዲጨምሩ የምለምንዎት፤ ስሙን «ወቅት» ይበሉት። ከወራቱ ይልቅ እርስዎ ከሚሠሩት ጉዳይ ጋር የሚሄዱትን ወቅቶች ይጻፉበት፦ ፏፏቴው ሞልቶ ያለበት፣ ጥምቀት፣ ሁዳዴ፣ ተራ ጊዜ። ሁዳዴ በተለይ ይመለከትዎታል፤ በጾሙ ወራት በከተማው የዓሣ ፈላጊ ይበዛል፣ ስለዚህ ስለ ዓሣ የሚያወራ ቪዲዮ በዚያ ጊዜ ከፍ ቢል ምስጋናው ለመክፈቻው ላይሆን ይችላል። የካቲት ላይ 12 ቪዲዮዎችን ሲለቁ ዘጠኙ ስለ ገዳማት እንደሆኑ አይቻለሁ። ይህ ደግሞ ወደ ዋናው ነገር ይወስደናል።

ሰንጠረዥዎ ውስጥ መክፈቻና ጉዳይ ተጣብቀዋል። ይህን ለማየት ስንት ቪዲዮ በየትኛው ጥምረት ውስጥ እንዳለ መቁጠር ያስፈልጋል፤ ከማንኛውም ንጽጽር በፊት የምሠራውም ይህንኑ ነው፦

```
=COUNTIFS(C$2:C$41,"ጥያቄ",D$2:D$41,"ዓሣ")
```

ቀመሩ አንድ አለኝ። በዓይኔ ስቆጥር ግን ሁለት ናቸው። ለካ አንዱን ረድፍ «ዓሣ»፣ ሌላውን «አሳ» ብለው ጽፈውታል። ለእኛ ሁለቱም አንድ ቃል ናቸው፤ ለሰንጠረዡ ግን በ«ዓ» እና በ«አ»፣ በ«ሣ» እና በ«ሳ» መካከል ያለው ልዩነት በ«ዓሣ» እና በ«ጀልባ» መካከል ካለው አይለይም። ስፈልግ «ዓሳ» የሚል ሦስተኛ አጻጻፍም አገኘሁ፤ በአንዱ ረድፍ ደግሞ ከቃሉ በኋላ በዓይን የማይታይ ክፍት ቦታ አለ። በአማርኛ መለያ የሚሰጥ ሰው ሁሉ ይህ ይገጥመዋል፤ «ሐይቅ» እና «ሀይቅ»፣ «ጸሎት» እና «ፀሎት» እንዲሁ ይከፋፈላሉ። በእጅ መጻፍዎን ይተዉ። የመለያውን ዓምድ ይምረጡና ከ`Insert` ምናሌ `Dropdown` የሚለውን ተጭነው ቃላቱን አንድ ጊዜ ያስገቡ፤ ከዚያ በኋላ ከዝርዝር መምረጥ ብቻ ነው። የነበሩትን ደግሞ አንድ በአንድ ያስተካክሉ፤ 40 ረድፍ ሩብ ሰዓት አይወስድም።

አጻጻፉን ካስተካከልኩ በኋላ የወጣው ይህ ነው። ከዘጠኙ የጥያቄ ቪዲዮዎች ስድስቱ ስለ ገዳማት፣ ሁለቱ ስለ ዓሣ፣ አንዱ ያ የፏፏቴው ቪዲዮ ነው። ከአሥራ አንዱ የድርጊት ቪዲዮዎች ስምንቱ ስለ ዓሣ፣ ሁለቱ ስለ ጀልባ፣ አንዱ ብቻ ስለ ገዳም ነው። ለምን እንደዚህ እንደሆነ ግልጽ ነው፦ ዘጌ ሲሄዱ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች ቆመው ያያሉ፣ መጠየቅ ይቀልዎታል፤ ዓሣ ሲቀርጹ ደግሞ ቢላዋው አስቀድሞ እየሠራ ነው። ተፈጥሯዊ ነው። ነገር ግን «ጥያቄ ከድርጊት ይሻላል ወይ?» ብለው ሰንጠረዡን ሲጠይቁት እሱ የሚመልስልዎ «ገዳም ከዓሣ ይሻላል ወይ?» የሚለውን ሌላ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ማነጻጸር ያለብን በአንድ ጉዳይ ውስጥ ነው። ስለ ገዳማት በጥያቄ የተከፈቱት ስድስት ቪዲዮዎች ሜዲያን 1,950 ነው፤ በድርጊት የተከፈተው አንዱ 1,900 አግኝቷል። ስለ ዓሣ በጥያቄ የተከፈቱት ሁለቱ 2,600 እና 3,100 ናቸው፤ በድርጊት የተከፈቱት የስምንቱ ሜዲያን 3,050 ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለው ይመልከቱት። በአንድ ጉዳይ ውስጥ ሲገቡ በጥያቄና በድርጊት መካከል የነበረው ልዩነት ጠፋ። የቀረው የጉዳይ ልዩነት ነው፤ የዓሣ ቪዲዮዎችዎ በየትኛውም መክፈቻ ከገዳማቱ ቪዲዮዎች በአንድ ሺህ ገደማ ይበልጣሉ። የየካቲቱ 2,000 ከየት እንደመጣም ይኸው፤ ስለ ገዳማት በጥያቄ የሚከፈት ቪዲዮ ከእርስዎ ገጽ ላይ የሚያገኘው 1,950 አካባቢ ነበር፣ በየካቲትም ያንኑ አገኘ።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። «አንድ የድርጊት ቪዲዮ ስለ ገዳም» ማለት ማስረጃ አይደለም፤ ሁለቱ የዓሣ ጥያቄዎችም ብዙ አይነግሩንም። እኔ በአንድ ጥምረት ውስጥ ቢያንስ አምስት ቪዲዮ ከሌለ ሜዲያኑን አስልቼም ቢሆን በግራጫ ቀለም እጽፈዋለሁ፤ ሳየው እንዳላምነው። አራት መክፈቻ፣ አራት ጉዳይና ሦስት የርዝመት ክፍል ካባዙ 48 ጥምረቶች ይሆናሉ። ያለዎት 40 ቪዲዮ ነው። ሦስቱን መለያዎች በአንድ ጊዜ ማቋረጥ በእርስዎ መጠን ላለ ገጽ አይቻልም፤ በአንድ ጊዜ ሁለቱን ብቻ ያቋርጡ፣ መለያዎችንም አያብዙ።

ይህ ሁሉ መክፈቻ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። የመክፈቻን ሥራ በእይታ ብዛት መለካት ግን በጣም ሩቅ ከሆነ ቦታ ሆኖ መለካት ነው። ሾርትስ ላይ ከመጋቢት 22 ቀን 2017 ጀምሮ ቪዲዮው መጫወት እንደጀመረ አንድ እይታ ይቆጠራል፤ ሰውየው በግማሽ ሰከንድ ቢያልፈውም ያው አንድ ነው። (ከዚያ ቀን በፊት የወጡ ቪዲዮዎችን በዚህ ሰንጠረዥ ላይ መጨመር የሚፈልግ ሰው ካለ በአንድ ዓምድ አይቀላቅላቸው፤ የተቆጠሩት በሌላ መለኪያ ነው።) መክፈቻ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰከንዶች ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የጉዳዩ፣ የአቀራረቡና የወቅቱ ሥራ ነው። ስለዚህ ለመክፈቻ መለያ የሚሆነው መለኪያ «ሦስተኛው ሰከንድ ላይ ከመቶ ስንት ተመልካች ቀረ?» የሚለው ነው። በዩቲዩብ ስቱዲዮ የአንዱን ቪዲዮ የተመልካች ቆይታ የሚያሳየውን መስመር ይክፈቱና ጠቋሚውን `0:03` ላይ ያቁሙ፤ የሚያነቡትን ቁጥር በ`H` ዓምድ ይጻፉት። ከዚያ በአንድ ጉዳይ ውስጥ ያነጻጽሩ፦

```
=MEDIAN(FILTER(H$2:H$41, C$2:C$41="ጥያቄ", D$2:D$41="ዓሣ"))
```

በዚያ ጥምረት ውስጥ ምንም ቪዲዮ ከሌለ ቀመሩ `#N/A` ይላል፤ ስሕተት አይደለም፣ ባዶ መሆኑን ነው የሚነግርዎት።

ርዝመትም የራሱን መለኪያ ይፈልጋል። ሰንጠረዥዎ ላይ «አጭር ያሸንፋል» ብለው በቀይ ጽፈዋል፤ ምክንያትዎም አጫጭሮቹ በመቶኛ ብዙ መታየታቸው ነው። የ15 ሰከንድ ቪዲዮ 80 በመቶው ሲታይ 12 ሰከንድ ነው። የ45 ሰከንድ ቪዲዮ ግማሹ ሲታይ ከ22 ሰከንድ በላይ ነው። ሁለተኛው ሰው ከእርስዎ ጋር እጥፍ ያህል ቆይቷል፣ በመቶኛው ግን ተሸናፊ ይመስላል። ቪዲዮ በረዘመ ቁጥር መቶኛው መውረዱ የማይቀር ነው። መቶኛን በአንድ የርዝመት ክፍል ውስጥ ብቻ ያነጻጽሩ፤ ከክፍል ወደ ክፍል ሲሄዱ አማካይ የታየበትን ሰከንድ ይጠቀሙ። ርዝመቱንም «አጭር»፣ «ረጅም» እያሉ ከመጻፍ ትክክለኛውን ሰከንድ ይመዝግቡ፤ ክፍሉን በኋላ ማበጀት ይቻላል፣ የጠፋውን ሰከንድ ግን መልሶ ማግኘት አድካሚ ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ ጊዜ ልሰጠው የምፈልገው ነገር መለያው ራሱ ነው። በ23ኛው ረድፍ ያለውን ቪዲዮ ደጋግሜ አየሁት። ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚበልት ሰው ነው። ቢላዋው ከቆሮሶው ጉንጭ ሥር ገብቶ በአከርካሪው ላይ እስከ ጅራቱ ሲንሸራተት ይታያል፤ አንድ ወገን ሥጋው በአንድ እንቅስቃሴ ይነሣል። በዚያው ቅጽበት የእርስዎ ድምፅ «ይህ ቆሮሶ ነው ወይስ አምባዛ?» ብሎ ይጠይቃል። እርስዎ «ጥያቄ» ብለውታል። እኔ ብሆን «ድርጊት» እለው ነበር፤ ምክንያቱም ስልኩን በጣቱ ወደ ላይ የሚገፋ ሰው ድምፁን ከመስማቱ በፊት ቢላዋውን ያያል፣ ድምፁን ያጠፋ ሰው ደግሞ ጥያቄው መኖሩንም አያውቅም። ማንኛችን ልክ ነን? ሕግ እስኪወጣ ድረስ ማንኛችንም። በ31ኛው ረድፍ ላይ ተመሳሳይ ቪዲዮ «ድርጊት» ተብሏል፣ እሱ ላይም ድምፅዎ ይጠይቃል።

እኔ የምመክረው የመክፈቻውን ዓምድ ለሁለት መክፈል ነው። አንዱ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰከንዶች ዓይን የሚያየው፦ እጅ በሥራ ላይ፣ ያለቀ ነገር፣ የሚናገር ፊት፣ ሰፊ የቦታ እይታ። ሌላው በድምፅ ወይም በጽሑፍ የሚባለው፦ ጥያቄ፣ መግለጫ፣ ሰላምታ፣ ዝምታ። እያንዳንዱን ቃል ምን ማለት እንደሆነ በሰንጠረዡ ሌላ ገጽ ላይ በአንድ መስመር ይጻፉት፣ ከእያንዳንዱም ጎን ምሳሌ የሚሆን አንድ ቪዲዮ ያስቀምጡ። ከዚያ ቪዲዮዎቹን ያላየ ሰው ይፈልጉና 20ውን ለብቻው መለያ እንዲሰጥ ያድርጉ። ከ20ው 18 ላይ ከተስማማችሁ መለያው ይሠራል። 13 ወይም 14 ላይ ብቻ ከተስማማችሁ ጥፋቱ የሰውየው አይደለም፣ ትርጓሜው ነው መጥበቅ ያለበት።

መለያውን ሲሰጡ የእይታውን ዓምድ ይደብቁት። ይህን በጥብቅ የምናገረው ስለደረሰብኝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሐይቁ ዳር ላለ አንድ ሆቴል ገጽ ስሠራ መለያ የሰጠሁት እይታው አጠገቡ ተጽፎ እያየሁ ነበር። ሁለት ቦታ ሊመደብ የሚችል ቪዲዮ ሲያጋጥመኝ ብዙ የታየውን ወደምወደው መለያ፣ ጥቂት የታየውን ወደ ሌላው እያስገባሁ እንደነበር የገባኝ ከሁለት ወር በኋላ፣ ሌላ ባልደረባ ያንኑ ዝርዝር እንደ አዲስ ሲመድበው ነው። በእኔ ሰንጠረዥ እጥፍ የነበረው ልዩነት በእሷ ሰንጠረዥ ምንም አልነበረም። ሆቴሉ በእኔ ቃል ለሁለት ወር አንድ ዓይነት መክፈቻ ብቻ ሲሠራ ቆይቷል።

በአዲሱ አከፋፈል የእርስዎን ስድስት የገዳም ጥያቄዎች ሳያቸው አምስቱ የሚከፈቱት በሰፊ የሐይቅ እይታ ነው፦ ጀልባው ሩቅ፣ ደሴቱ ሩቅ፣ ውኃው ጸጥ ያለ፣ ከላዩ የእርስዎ ጥያቄ። «ክብራን ገብርኤል ሴት ለምን አትገባም?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ጠንካራ ነው፤ ዓይን ግን የሚይዘው ነገር አላገኘም። ጥያቄው ደክሟል ብለው ከመፍረድዎ በፊት ያንኑ ጥያቄ በሌላ ምስል ላይ ሊሞክሩት ይገባል። እስካሁን የሰበሰቡት መረጃ ይህን ሊነግርዎ አይችልም፣ ምክንያቱም ጥያቄን በቅርብ ምስል ከፍተው ስለ ገዳም የሠሩት ከአንድ አይበልጥም። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የቆየውን መቁጠር ሳይሆን ሆን ብሎ ጥንድ መሥራት ነው።

ጥንድ የምለው እንዲህ ያለውን ነው። ሐይቁ ዳር ካለ አንድ የዓሣ ምግብ ቤት ጋር ስድስት ጥንድ ቪዲዮዎችን ሠርቻለሁ። በአንድ ቀን፣ በአንድ ብርሃን፣ ስለ አንድ ጉዳይ ሁለት ቪዲዮ እንቀርጽ ነበር፤ ከሦስተኛው ሰከንድ በኋላ ያለው ተመሳሳይ፣ ርዝመቱም ሁለቱም 28 ሰከንድ ገደማ። አንደኛው በስለት የተበሳሳው ሙሉ ቆሮሶ ዘይት ውስጥ ሲገባ ይከፈታል። ሁለተኛው አስተናጋጁ ካሜራውን እያየ ሲጠይቅ። በሦስት ቀን ልዩነት፣ በተመሳሳይ ሰዓት ላይ እንለቃቸዋለን፤ በአንዱ ጥንድ ድርጊቱ ይቀድማል፣ በሚቀጥለው ጥያቄው፣ ሁለተኛው ተደጋገመ ተብሎ እንዳይጎዳ። ሦስተኛው ሰከንድ ላይ የቀሩት በመቶኛ፣ ድርጊቱን አስቀድሜ ስጽፈው፣ 74 እና 61፣ 69 እና 63፣ 77 እና 58፣ 71 እና 70፣ 66 እና 68፣ 72 እና 60 ነበሩ።

ከስድስቱ በአምስቱ ድርጊቱ በልጧል፤ በአንዱ ግን በአንድ ነጥብ ብቻ ስለሆነ እኩል ናቸው ብል ይሻላል። አምስት ከስድስት ትልቅ ይመስላል። ሳንቲም ስድስት ጊዜ ቢወረውሩ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ አንበሳ የመውጣቱ ዕድል ከ64 ሰባት ነው፣ ማለትም 11 በመቶ ገደማ። ስለዚህ በዚያ ውጤት ብቻ ምንም አላወጅኩም። የልዩነቶቹ ሜዲያን ግን ዘጠኝ ነጥብ ነበር፣ ይህም ሙከራውን ለመቀጠል በቂ ነው። የበለጠ ያስተማረኝ ጥያቄው ያሸነፈበት አምስተኛው ጥንድ ነው። በዚያ ቀን አስተናጋጁ አልመጣም ነበር፤ «አምባዛ ቅርፊት የሌለው ለምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ የተነሣው በአምባዛው ለስላሳ ጥቁር ቆዳና በጢሞቹ ላይ በቅርብ በተቀረጸ ምስል ነው። ሌሎቹ አምስት ጥያቄዎች በፊት ላይ ነበሩ፣ ያኛው በነገሩ ላይ። «ጥያቄ» የሚለውን መለያ ለሁለት የከፈልኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ ለእርስዎም የምመክረው ከዚህ የተነሣ ነው።

ለመጋቢትና ለሚያዝያ ይህን ይሥሩ። ገዳማት ላይ አምስት ጥንድ ብቻ፤ ዓሣው ሁዳዴ ስለሚያናውጠው ከፋሲካ በኋላ ይቆይ። በእያንዳንዱ ጥንድ ጥያቄው ቃል በቃል አንድ ይሁን፣ ድምፁም ያው ቅጂ ይሁን። አንደኛው በሰፊ የሐይቅ እይታ፣ ሁለተኛው በቅርብ ምስል ይከፈት፦ ታንኳ የሚያስር ሰው የደንገሉን እስር ሲያጠብቅ፣ የዘጌ ቡና ፍሬ በእጅ ላይ፣ በአዝዋ ማርያም በር ላይ ያለ የአንድ ሥዕል ዓይን፣ እንዲቀርጹ ከተፈቀደልዎ። ርዝመቱ ከ25 እስከ 35 ሰከንድ። ቅደም ተከተሉን እየቀያየሩ ይልቀቁ፣ በሰባተኛው ቀን የሦስተኛውን ሰከንድ ቁጥር ይጻፉ፣ በቅርብ ምስል የተከፈተውን ሁልጊዜ በላይኛው ረድፍ አድርገው የጥንዱን ልዩነት በአዲስ ዓምድ ያውጡ፦

```
=H42-H43
```

በአምስቱም ጥንዶች ምልክቱ አንድ ወገን ከሆነ፣ ልዩነቱም ከአምስት ነጥብ በላይ ከሆነ፣ በምስሉ ላይ ውሳኔ መስጠት ይችላሉ። ከተቀላቀለ አምስት ጥንድ ይጨምሩ። ሰንጠረዡን እስከዚያ ድረስ እንዳለ ያቆዩት፤ የፏፏቴውን ረድፍም እንዳይነኩት፣ በመጪው መስከረም ጢስ ዓባይ ሲሞላ ያንኑ ቦታ ያለ ጥያቄ ቀርጸው ከጎኑ ያስቀምጡት።